የመጨረሻውን ምክር ከግጥም ላይ ስንቆርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ግጥም የሚጽፍ ሰው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይፈራል። «አንባቢው ባይገባውስ?» ይላል። ስለዚህ ሁለት ስንኝ ይጨምርና መልእክቱን በግልጽ ይናገራል። እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ይኸው ከራሴ ረቂቅ፦

ልጇ የወጣ ለት፣ በሩ ገርበብ አለ፤
ዝናቡም መጣና፣ በዚያው ገብቶ ዋለ።
ዓመታት ነጎዱ፣ ጠጉሯም ሸበተ፤
መቀርቀሪያው ዛገ፣ እንደተከፈተ።
ዝጊው ቢሏት ሰዎች፣ «ሌባ አለ ባገሩ»፤
ፋኖሷን አውጥታ፣ ሰቀለች ከበሩ።
የናት ፍቅር እንዲህ ነው፣ ወሰን የለው ከቶ፤
አይደክም አይሰለች፣ ዘመን ተጎትቶ።

ምክሩን «ማጠቃለያ» ብሎ ማቆየት

የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች በእጃችሁ ሸፍናችሁ እንደገና አንብቡት። የጎደለ ነገር አለ? እኔ ምንም አላጣሁም። እንዲያውም ግጥሙን የሚያሳንሱት እነሱ ናቸው። እስከዚያ ድረስ የምናየው አንዲት ሴትና አንድ በር ነው። «የናት ፍቅር» ሲባል ግን ያቺ ሴት ጠፍታ በስሟ ሁሉም እናት ይገባል። ስለ ሁሉም እናት የተባለውን ደግሞ ሁላችንም ከዚህ በፊት ሰምተነዋል።

አንዳንዴ እነዚህ ስንኞች የሚመጡት ሐሳብ ስላለን ሳይሆን ቤቱ ስለመታልን ነው። «ከቶ» እና «ተጎትቶ» ጆሮ ላይ ደስ ስለሚሉ ቀሩ። ያ ለመቆየት አይበቃቸውም።

ቆርጦ የቀረውን እንደነበረ መተው

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንቸኩለው። ምክሩን ስቆርጠው ግጥሙ በፋኖሱ አለቀ። መጀመሪያ ወደድኩት። ለአንዲት ጓደኛዬ ሳነብላት ግን «ተስፋ አልቆረጠችም ማለትህ ነው» አለችኝ ወዲያው። ልክ ናት። በር ላይ የተሰቀለ መብራት ብዙ ከመባሉ የተነሳ ምሳሌነቱ አልቆ ትርጉሙ ብቻ ነው የቀረው። ጎህ፣ ሻማና የደረቀ አበባም እንደዚያው ናቸው። ምክሩን ቆርጬ ሌላ ምክር፣ ሥዕል የለበሰ ምክር አስቀምጬ ነበር።

«ከግጥሙ ምን ትዝ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። «የዛገው ነገር» አለች። እሱ መሃል ላይ ተቀብሮ ነበር። ስለዚህ ፋኖሱን ወደ ላይ አወጣሁትና ዝገቱን መጨረሻ አደረግኩት፦

ልጇ የወጣ ለት፣ በሩ ገርበብ አለ፤
ዝናቡም መጣና፣ በዚያው ገብቶ ዋለ።
ዝጊው ቢሏት ሰዎች፣ «ሌባ አለ ባገሩ»፤
ፋኖሷን አውጥታ፣ ሰቀለች ከበሩ።
ዓመታት ነጎዱ፣ ጠጉሯም ሸበተ፤
መቀርቀሪያው ዛገ፣ እንደተከፈተ።

ስንኞቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቦታቸው ነው። አሁን ጉዳዩን የሚናገረው ብረቱ ነው። ሴትዮዋ አሁን መዝጋት ብትፈልግ እንኳ በሩ እሺ አይላትም። ይህን ምክሩ ፈጽሞ ሊናገረው አይችልም ነበር። «ፍቅሯ አይሰለችም» የሚለው ያሞግሳታል፤ ዝገቱ ግን መጠበቅ ምን እንዳደረጋት ጭምር ያሳያል።

ሥዕሉን ሳያዘጋጁ መጨረሻ ላይ ማምጣት

መቀርቀሪያው የዛገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዝናቡ በተከፈተው በር ገብቷል። አንባቢው ይህን ልብ ባይለውም ውሃውን አይቷል፤ ዝገቱ ሲመጣ ያምነዋል። ያ ስንኝ ባይኖር ኖሮ ዝገቱ ለማሳመሪያ የተለጠፈ ይመስል ነበር። መጨረሻችሁ ላይ ያለው ዕቃ ከየት እንደመጣ ግጥሙ ውስጥ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ፈልጉ። ካጣችሁት መጨረሻውን ከመለወጣችሁ በፊት መጀመሪያውን አስተካክሉ።

ምክሩን በአንድ ቃል መልሶ ማስገባት

«መቀርቀሪያው ዛገ፣ በናፍቆት በእንባ» ብዬም ሞክሬ ነበር። ምክሩን በበር አስወጥቼው በመስኮት ተመለሰ። ብረት በናፍቆት አይዝግም። ስሜቱን የሚሰይመው ቃል ከዕቃው አጠገብ ከቆመ አንባቢው ዕቃውን ማየት ይተዋል።

እንቆቅልሽ ማድረግ

ይህ ከሌላው ጫፍ የሚመጣ ስህተት ነው። «እንደተከፈተ» የሚለውን ቃል አንሱትና ሞክሩ። «መቀርቀሪያው ዛገ» ብቻ ሲሆን ቤቱ ሰው የሌለው፣ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ሊመስል ይችላል። ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው። ሥዕሉን ለአንባቢው የሚከፍትለት ያ አንድ ቃል ነው፤ እሱን መቁረጥ የለብንም። ለማወቅ ግጥሙን ለማያውቀው ሰው አንብቡለትና «ምን አየህ?» በሉት። «ስለ ምንድን ነው?» ካላችሁት ምክር ፈልጎ ይመልስላችኋል። እኔ በሩ ክፍት መሆኑን ካየልኝ ሌላ አልጠይቀውም።