ቆርጣችሁ ያስገባችሁትን ሰው ከአዲሱ ጀርባ ጋር በከለር እንዴት ታዋህዳላችሁ?

ሰውየውን ከመጀመሪያው ፎቶ ቆርጣችሁ አዲስ ጀርባ ላይ አስቀምጣችኋል። ጠርዙ ጸድቷል፣ የፀጉሩ ማስክ አሪፍ ነው፣ እግሩ ሥር ጥላ አለ። ሆኖም ያየው ሁሉ «ይሄማ የተለጠፈ ነው» ይላል። እዚህ ደረጃ ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ ማስኩ አይደለም። የሰውየው ጥቁር ከጀርባው ጥቁር፣ የሰውየው ነጭ ከጀርባው ነጭ ጋር አልገጠመም።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ከላይ አንድ የ«ሲኒማ» ፕሪሴት ይጭናል። እኔ በዚህ አላምንም። ከላይ የሚጫን ከለር ሰውየውንም ጀርባውንም እኩል ነው የሚገፋው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የትም አይሄድም፤ ብርቱካንማ ቀለም ተቀብቶ ይቀመጣል እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን ብቻውን ከጀርባው ጋር ታስታርቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን አንድ ላይ የምታቀልሙት።

በፎቶሾፕ ነው የማሳያችሁ። ፎቶፒያ ላይ ሜኑዎቹ ተቀራራቢ ናቸው። ጂምፕ ላይም ሐሳቡ ያው ነው፣ የነገሮቹ ቦታ ቢለያይም።

ምሳሌያችን ይህ ይሁን። ሰውየው ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ነው፤ ጥቁር ጃኬት ከነጭ ሸሚዝ ጋር ለብሷል። አዲሱ ጀርባ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የተነሳ፣ ትንሽ ጭጋግ ያለበት መንገድ ነው።

1. ከመጀመራችሁ በፊት

የብርሃኑን አቅጣጫ እዩ። ፀሐይዋ ከፎቶው ቀኝ እየመጣች በፎቶው ግራ በኩል ያለው የሰውየው ጉንጭ ከበራ ከለር አያድናችሁም። ሰውየውን ወደ ጎን ገልብጡት፤ ልብሱ ላይ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ሌላ ጀርባ ፈልጉ።

የኮምፒውተራችሁን የማታ ብርሃን ማጣሪያ አጥፉ። እሱ በርቶ ከለር መሥራት ድካም ብቻ ነው። ፋይሉንም ወደ 16 Bits/Channel ቀይሩት፤ ከርቩን ስትጎትቱ ሰማዩ ላይ የመስመር መስመር ቅርጽ እንዳይወጣ ይረዳል።

2. የመመርመሪያ ሌየሮች

ዓይን ቶሎ ይለምዳል። አንድን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ስታዩት ስህተቱም ልክ መምሰል ይጀምራል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ሦስት ሌየሮች አስቀምጡና ሲያስፈልግ ብቻ አብሩዋቸው።

የመጀመሪያው ጥቁር Solid Color ሆኖ ብሌንድ ሞዱ Color የተደረገ ነው። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፤ የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው 50% ግራጫ Solid Color ሆኖ ብሌንድ ሞዱ Luminosity የተደረገ ነው። እሱ የተገላቢጦሹን ይሠራል፤ ብርሃኑን አጥፍቶ ቀለሙን ብቻ ያሳያችኋል። ሦስተኛው Curves ነው። መሃሉን ይዛችሁ በጣም ወደ ላይ ስትጎትቱት በጨለማው ውስጥ የተደበቀው ልዩነት ይወጣል፤ በጣም ወደ ታች ስትጎትቱት ደግሞ የብሩሁ ክፍል ልዩነት ይታያል።

ሦስተኛውን የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። የእናንተ ስክሪን ደብዘዝ ያለ ከሆነ ጃኬቱና ጀርባው ሁለቱም ጥቁር መስለው ያልፋሉ። ብርሃኑ ከፍ ባለ ሌላ ስልክ ላይ ግን ጃኬቱ እንደ ቀዳዳ ጎልቶ ይታያል።

3. ጥቁሩንና ነጩን ማስታረቅ

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ቀስ እንበል።

ከሰውየው ሌየር በላይ Curves ጨምሩና ሰውየው ላይ ብቻ እንዲሠራ ክሊፕ አድርጉት፤ Alt ይዛችሁ በሁለቱ ሌየሮች መካከል ክሊክ ማድረግ ይበቃል። የ Info መስኮቱን ክፈቱ። የአይድሮፐሩን Sample Size ወደ 5 by 5 Average ቀይሩ፤ አንድ ፒክስል ብቻ ካነበባችሁ ኖይዝ ያሳስታችኋል። የመመርመሪያ ሌየሮቹም መጥፋታቸውን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የምታነቡት የእነሱን ቁጥር ነው።

አሁን ጀርባው ላይ ጥቁር ፈልጉ። ጥያቄው የትኛው ጥቁር ነው የሚለው ነው። በጭጋግ ውስጥ ነገር በራቀ ቁጥር ጥቁሩ እየነጣና ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ እያደላ ይሄዳል፤ በእኛና በዚያ ነገር መካከል ያለው አየር ራሱ ብርሃን ስለሚበትን ነው። የሩቅ ዛፍ ጥቁርና የቅርብ ዛፍ ጥቁር አንድ አይደሉም። ስለዚህ የጀርባውን እጅግ ጥቁር ቦታ አትፈልጉ። ሰውየው በቆመበት ርቀት ላይ ያለ ጥቁር ነገር ፈልጉ። በምሳሌያችን ከሰውየው ጎን መኪና ቆሟል እንበል፤ የጎማው ጥላ ያለበት ክፍል R 24፣ G 27፣ B 36 አነበበ። የሰውየው ጃኬት እጥፋት ግን R 6፣ G 6፣ B 7 ነው። «ተለጥፏል» የሚያሰኘው ይህ ነው። ጃኬቱ ከአካባቢው ሁሉ በላይ ጥቁር ነው፣ የምሽቱ ሰማያዊነትም አልነካውም።

ነጩም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። የመኪና መብራት ወይም ፀሐይዋ ራሷ መለኪያ አይሆኑም፤ እነሱ የብርሃን ምንጭ ናቸው። የሚያብረቀርቅ መስታወትና ብረትም እንደዚያው። የምትፈልጉት ነጭ ሆኖ የማያብረቀርቅ፣ ሰውየው ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚያርፍበት ነገር ነው። ሰውየው በጥላ ውስጥ ከቆመ ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ፣ ፀሐይ ላይ ከቆመ ፀሐይ ላይ ያለ ነጭ። እኛ ሰውየውን ፀሐይ ያገኘው ቦታ ላይ ስላቆምነው፣ አጠገቡ አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር እንውሰድ፦ R 196፣ G 176፣ B 150። የሸሚዙ ብሩህ ቦታ ደግሞ R 246፣ G 246፣ B 248 ነው።

ቁጥሮቹ ከተያዙ ቀሪው ቀላል ነው። Curves ውስጥ RGB የሚለውን ትታችሁ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። በየቻናሉ አዲስ ነጥብ ሳትጨምሩ በከርቩ ሁለት ጫፎች ያሉትን ነጥቦች ምረጡና Input እና Output ቁጥራቸውን ጻፉ፦

```
Red:    6 → 24    246 → 196
Green:  6 → 27    246 → 176
Blue:   7 → 36    248 → 150
```

ወዲያው ሁለት ነገር ይታያችኋል። ጃኬቱ ትንሽ ነጥቶ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሸሚዙ ደግሞ ደብዝዞ ይሞቃል። በአንድ ከርቭ ኮንትራስቱንም ቀለሙንም አስታረቃችሁ። Match Color የሚባለው አውቶማቲክ መሣሪያ ይህን አይሰጣችሁም። እሱ የፎቶውን ጥቅል የቀለም ስርጭት ነው የሚያስተያየው፤ ርቀትም ጥላም አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ልክ በቁጥሩ ስትሄዱ ሰውየው አንዳንዴ ጀርባው ውስጥ ይሰምጣል፣ ፊቱም ይጠቁራል። ነጩ መስመር የቆሸሸ ሊሆን ይችላል፤ ጎማውም ከጃኬት ጨርቅ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር አይደለም። ስለዚህ የ Curves ሌየሩን Opacity ወደ 80% አካባቢ አውርዱና እዩ። እንዲህ ስታደርጉ ሰውየው ከአካባቢው ትንሽ ይወጣል፣ ግን አይለያይም።

ጀርባው ላይ ጥቁርም ነጭም ካልተገኘ፣ ለምሳሌ ባዶ የአሸዋ ሜዳ ከሆነ፣ ይህ ዘዴ አይሠራም። ያኔ ያላችሁ የመመርመሪያ ሌየሮቹና ዓይናችሁ ብቻ ነው።

4. መሃሉና የቀለሙ ድምቀት

ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን መመርመሪያ አብሩ። ፊቱ በዙሪያው ካሉት ነገሮች አንጻር በዝቶ ከበራ ወይም ከጨለመ ሌላ Curves ክሊፕ አድርጋችሁ መሃሉን ብቻ ነካ አድርጉት። የዚህኛውን ብሌንድ ሞድ Luminosity አድርጉት፤ በ Normal ኮንትራስት ሲጨምር የቀለሙ ድምቀትም አብሮ ስለሚጨምር ፊቱ ይቀላል።

ከዚያ ግራጫውን አብሩ። የሰውየው ቆዳ ከሁሉም ነገር በላይ የሚጮህ ከሆነ በ Hue/Saturation ቀንሱለት። ብዙ ጊዜ ከ-10 እስከ -20 ይበቃል። በመጨረሻም ሦስተኛውን አብርታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ጎትቱ። በሁለቱም በኩል ሰውየው ከአካባቢው ጋር አብሮ ከተለወጠ ደህና ናችሁ። ቀድሞ የሚነጣ ወይም ቀድሞ የሚጠፋ ክፍል ካለ ወደ 3 ተመለሱ።

እግሩ ሥር ያለውን ጥላም አትርሱ። ንጹሕ ጥቁር ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ይበላሻል። ከመኪናው ሥር ያለውን የጥላ ቀለም በአይድሮፐር ወስዳችሁ እሱን ተጠቀሙ።

5. አሁን ሙዱን ስጡት

ሰውየውም ጀርባውም አንድ ፎቶ ሆነዋል። የወደዳችሁትን ፕሪሴት ወይም Color Lookup መጫን የምትችሉት አሁን ነው፤ ከመመርመሪያ ሌየሮቹ ሥር፣ ከሌላው ሁሉ በላይ፣ ክሊፕ ሳይደረግ። Opacity ከ 30% ባይበልጥ እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ፕሪሴቶች ኮንትራስት ይጨምራሉ፣ ኮንትራስት ሲጨምር ደግሞ የቀረችው ትንሽ ልዩነትም አብራ ታድጋለች። ስለዚህ ከጫናችሁ በኋላ ሦስተኛውን መመርመሪያ ደግማችሁ አብሩት።

6. ኖይዝና ማስቀመጥ

ፎቶውን 100% አጉልታችሁ የሰውየውንና የጀርባውን ኖይዝ አወዳድሩ። ምሽት ላይ የተነሳ ጀርባ ብዙ ጊዜ ሻካራ ነው፤ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ሰው ግን ልስልስ ይላል። ከሰውየው በላይ 50% ግራጫ የተሞላ ሌየር ክሊፕ አድርጉ፣ ሞዱን Overlay አድርጉና ከ Filter ውስጥ Add Noise ስጡት፤ Gaussian እና Monochromatic ተመርጠው። ከ 2% ጀምራችሁ እስኪመሳሰል ጨምሩ።

ለኢንተርኔት ከሆነ ግን ኖይዙን ከመጨመራችሁ በፊት ፎቶውን በሌላ ስም አስቀምጡና መጠኑን አሳንሱ። ፎቶ ሲያንስ ኖይዙም ስለሚለሰልስ በትልቁ ላይ የለካችሁት በትንሹ ላይ አይገኝም። መመርመሪያዎቹን አጥፍታችሁ በ Convert to Profile ወደ sRGB ቀይሩት፤ ይህ ካልተደረገ አንዳንድ አፖች ያን ሁሉ የምሽት ሙቀት ደብዛዛ አድርገው ያሳዩታል።