የደንበኛ ስልኮችን በአንድ ፎርሙላ አንድ ዓይነት ማድረግ

ደሴና ኮምቦልቻ ሱቅ ያላችሁ፣ የደንበኞቻችሁን ስልክ ጎግል ሺትስ ላይ የምትመዘግቡ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። አንዱ 0900-00 00 00 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው (0900) 000000፣ ሌላው +251 900 000 000። ያው አንድ ሰው ሦስት ደንበኛ ይመስላል። ቁጥሮቹ A ላይ ካሉ B2 ላይ ይቺን ጻፉና ወደ ታች ጎትቱ፦

```
="+251"&RIGHT(REGEXREPLACE(A2&"","[^0-9]",""),9)
```

መጀመሪያ ከአኃዝ ውጭ ያለውን ሁሉ ታጠፋለች፤ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ መደመሪያም ጭምር። ከዚያ የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ወስዳ ፊቱ ላይ +251 ትለጥፋለች። ስለዚህ በ0 ቢጀምር፣ በ251 ቢጀምር፣ ሺቱ ራሱ 0ውን ቢውጠው ውጤቱ ያው ነው። የደሴ መደበኛ ስልክም 033 ተብሎ ከተጻፈ በትክክል ይወጣል። ያለ 033 ሰባት አኃዝ ብቻ ከተጻፈ ግን ይጎድላል፤ `=LEN(B2)` 13 ካልሰጣችሁ እሱን በእጅ አስተካክሉ።

ወሎ ውስጥ ግን የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ የሳዑዲ ቁጥር። ዘመድ ከዚያ ሆኖ ያዘዘ እንደሆነ +966 5 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር +251 5 ሆኖ ይወጣል፣ ርዝመቱም 13 ስለሆነ LEN አይይዘውም። ስለዚህ ፎርሙላውን ከመጎተታችሁ በፊት በ966 እና በኤምሬትሱ 971 የሚጀምሩትን ለይታችሁ ሌላ ሺት ላይ አስቀምጡ። አንድ ሳጥን ውስጥ በ/ ተለይተው ሁለት ስልክ ካሉም ሁለተኛው ብቻ ነው የሚተርፈው፤ ቀድማችሁ ነጥሏቸው።