«ይወቁ»፣ «ይሞክሩ»፣ «ይግዙ»፦ የሚሻሙ ቁልፎችን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

የደረሰኝ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚሸጥበትን ገጽ እንዳስተካክል ተሰጥቶኝ ነበር። ከርዕሱ ሥር «ይወቁ»፣ «ይሞክሩ» እና «ይግዙ» የሚሉ ሦስት እኩል ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ግርጌው ላይ ደግሞ «ይጀምሩ» የሚል አራተኛ አለ። እኔ «ይግዙ»ን ደማቅ ብርቱካናማ ቀባሁትና ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ቁልፉን የሚጫነው ሰው በዛ፤ የሚገዛው ግን ያው ሆነ።

1. ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በግራ የቁልፉን ጽሑፍ፣ በቀኝ ከተጫኑት በኋላ መጀመሪያ የሚታየውን ነገር ይጻፉ። የገጹን ባለቤት አይጠይቁ፤ እሱ የሚነግርዎ ያሰበውን ነው። እያንዳንዱን ቁልፍ ራስዎ ይጫኑ።

እኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው። «ይግዙ» የሚወስደው ወደ ዋጋ ሰንጠረዥ ነበር። ዋጋውን ለማየት ብቻ የፈለገ ሰው «ይግዙ» የሚለውን ፈርቶ ያልፈዋል፤ ሊገዛ ቆርጦ የመጣው ደግሞ ተጭኖ ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል። «ይሞክሩ» ገና ምንም ሳያሳይ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። «ይጀምሩ» ወደዚያው ቅጽ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጎብኚው ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች እየመሰሉት ያመነታል። «ይወቁ» እዚያው ገጽ ላይ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል እንጂ የትም አይወስድም።

2. አንድ ዋና እርምጃ ይምረጡ። ሳይጠቀሙበት የማይመዘን ነገር ከሆነ ሙከራው ይቅደም፤ ግዢው ከሙከራው ውስጥ ይመጣል። ዋናው ብቻ ቀለም የተሞላ ቁልፍ ይሁን። ሁለተኛው ተራ ማያያዣ ይሁን፤ ሦስተኛው ይውጣ።

3. ጽሑፉን ከቀኙ ዓምድ ይቅዱ። «ይግዙ» «ዋጋውን ይመልከቱ» ሆነ። «ይሞክሩ» እና «ይጀምሩ» ተዋህደው ላይም ታችም «14 ቀን በነጻ ይሞክሩ» ተባሉ። የካርዱን ጥያቄ ማስቀረት ስላልተቻለ፣ ከቁልፉ ሥር «ካርድ ይጠየቃል፤ ከ14 ቀን በፊት ካቋረጡ አይከፍሉም» ብለን ጻፍን። ባለቤቱ ይህ ሰው ያባርራል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ካርድ መስጠት የማይፈልግ ሰው ግን ቅጹ ላይ ሲደርስም መሄዱ አይቀርም፤ ያኔ የሚሄደው ተናዶ ነው።

4. ገጹን ለማያውቁ አራት አምስት ሰዎች ያሳዩና ሳይጫኑ «ይህን ብትጫን ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ። «ትወደዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሁሉም ይወደዋል። መልሳቸው ከቀኙ ዓምድ ጋር ካልገጠመ ወደ 3 ይመለሱ።

5. ቅጹን ሞልተው የጨረሱትን ይቁጠሩ። የሙከራውን ቁልፍ የሚጫኑት ቢቀንሱ አይደንግጡ፤ ቀድሞ ዋጋ ፍለጋ በስህተት የሚገቡት አሁን በቀጥታ ወደ ሰንጠረዡ እየሄዱ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ቅጹን ጀምረው የሚያቋርጡት ካልቀነሱ ነው፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን ቅጹ ውስጥ ይፈልጉ።