በደረት ውስጥ የታሰረ አየር ልብንና የአየር ቧንቧን ወደ ሌላው ጎን የሚገፋው እንዴት ነው?

አንድ የግንባታ ሠራተኛ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ግራ ጎኑን ተመታ እንበል። በመጀመሪያ ጎኑን ይዞ ተቀምጦ ይናገራል፤ ሲተነፍስ እንደሚወጋው ብቻ ይገልጻል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የአንገቱ ደም ሥሮች ይገታተራሉ፣ የልቡም ምት ከተለመደው ቦታው ጠፍቶ ወደ ቀኝ በኩል ይሰማል። በደረቱ ውስጥ የሆነውን ለመረዳት አየሩን ከገባበት ቀዳዳ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መከተል ያስፈልጋል።

አንደኛ፦ አየሩ የገባበትን ቦታ ማወቅ

እያንዳንዱ ሳንባ በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው። አንደኛው ሳንባው ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ በደረት ግድግዳ የውስጥ ገጽ ላይ የተለጠፈ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚያለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ እንጂ አየር የለም። ሳንባ እንደ ተለጠጠ ጎማ ምንጊዜም ወደ ውስጥ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ የደረት ግድግዳ ግን ወደ ውጭ መከፈት ይፈልጋል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሳሳቡ በመካከላቸው ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያንሳል፤ ጤነኛ ሰው ትንፋሹን አውጥቶ ባረፈበት ቅጽበት የልዩነቱ መጠን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር ይቀራረባል። ሳንባን ተነፍቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ይህ ትንሽ ልዩነት ነው። ከሽፋኖቹ አንዱ ሲቀደድ አየር ወደ ክፍተቱ ይገባል፣ ሳንባውም ይሰበሰባል። ይህ ሁኔታ በሕክምና ኒሞቶራክስ ይባላል።

ሁለተኛ፦ ቀዳዳው ከየት እንደመጣ መለየት

ጉዳት ሳይደርስ በድንገት የሚከሰተው ዓይነት ብዙ ጊዜ ረጃጅምና ቀጫጭን ወጣት ወንዶችን ያጠቃል፤ በሳንባቸው ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ የአየር ከረጢት ይፈነዳል፣ ሲጋራ ማጨስም አደጋውን ይጨምራል። በሳንባ ነቀርሳ ወይም በሌላ ነባር የሳንባ በሽታ በተጎዳ ሳንባ ላይ ሲከሰት ደግሞ የአየሩ መጠን ትንሽ ቢሆንም ታማሚውን በእጅጉ ያስጨንቀዋል፤ ምክንያቱም ቀድሞውንም የተረፈው አቅም ጥቂት ነው። በአደጋ የሚመጣው የተሰበረ ጎድን ሳንባን ሲወጋ፣ ወይም ስለትና ጥይት የደረትን ግድግዳ ሲበሳ ነው። በሕክምና ወቅት ወደ ትልቅ ደም ሥር የሚገባ መርፌ ወይም አየር በግፊት የሚሰጥ የመተንፈሻ ማሽንም ሊያስከትለው ይችላል።

ሦስተኛ፦ የገባው አየር መውጣት ይችል እንደሆነ መጠየቅ

የሕመሙን ክብደት በእጅጉ የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው። ቀዳዳው በራሱ ከተዘጋ አየሩ ባለበት ይቆማል፣ ጥቂት ከሆነም ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ደረቱ ወደ ውጭ ከተከፈተ አየሩ በቁስሉ በኩል ይገባል፣ ይወጣልም። አስጊ የሚሆነው የተቀደደው ሥጋ እንደ በር መዝጊያ ሲያገለግል ነው፤ ሰውዬው አየር ሲስብ ይከፈታል፣ ሲያስወጣ ግን ተጭኖ ይዘጋል። በአንድ ትንፋሽ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያመልጥና የተጨነቀው ሰው በደቂቃ 30 ጊዜ ቢተነፍስ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 900 ሚሊ ሊትር ይታሰራል። ከውጭው አየር ያነሰ የነበረው ግፊት ይበልጠዋል፤ ግፊት የፈጠረ ኒሞቶራክስ የሚባለው ይህ ነው። በወደቀው ሠራተኛ ላይ የደረሰው ይኸው ሲሆን፣ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ባለ ታማሚ ግን ማሽኑ ራሱ አየሩን ስለሚገፋ የደም ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

አራተኛ፦ ግፊቱ ወዴት እንደሚሄድ መከተል

በግራና በቀኝ ሳንባ መካከል የአጥንት ግድግዳ የለም። ልብ፣ ትልልቆቹ ደም ሥሮች፣ የምግብ ቧንቧና የአየር ቧንቧ በመካከል የሚገኙት ለስላሳ በሆነ ክፍልፋይ ውስጥ ነው። ይህ ክፍልፋይ ድንኳንን ለሁለት እንደሚከፍል መጋረጃ ነው፤ በሁለቱ በኩል ያለው ነፋስ እኩል እስከሆነ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንዱ ሲበረታ ግን ወደ ደካማው ጎን ይነፋል። በግራ የታሰረው አየር ጎድኖቹን ትንሽ ያሰፋል፣ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ወደ ታች ይጫናል፤ በቀኝ በኩል ያለው ግፊት ግን ዝቅተኛ ስለሆነ መካከለኛው ክፍልፋይ ልብንና የአየር ቧንቧን ይዞ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጤነኛ የነበረው ቀኝ ሳንባም በዚህ ምክንያት ይጨመቃል።

ሰውን ለሞት የሚያበቃው የልብ ቦታ መቀየር ብቻ አይደለም። ደም ወደ ልብ የሚመልሱት ትልልቅ ሥሮች ግድግዳቸው ስስ፣ በውስጣቸው ያለው ግፊትም አነስተኛ ነው፤ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ሲያይል ደሙ ወደ ልብ መመለስ ይሳነዋል። የአንገት ሥሮች የሚገታተሩት የሚመለሰው ደም ስለሚጠራቀም ነው፤ የልብም ክፍሎች በደንብ ስላልሞሉ የደም ግፊት ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። በራጅ ላይ የሚታይ ትንሽ መገፋት ብቻውን አደገኛው ዓይነት መኖሩን አያረጋግጥም፤ አንዱ ጎን አየር ሲገባበት ሳቢ ኃይሉ ስለሚጠፋ ሌላኛው ጎን ክፍልፋዩን ወደራሱ ሊስበው ይችላልና። በአንጻሩ የሳንባ ክፍል አየር አጥቶ ሲጨማደድ የአየር ቧንቧው ወደ ታመመው ጎን ይሳባል።

አምስተኛ፦ ምልክቱን ሳይዘገዩ መለየት

ሐኪሙ ከፍርምባ አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጣቱን አስገብቶ የአየር ቧንቧው መሐል መሆኑን ይፈትሻል። ሆኖም ቧንቧው አንገት ላይ በደንብ የተያዘ ስለሆነ መጣመሙ እዚያ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ቀጥ ብሎ መገኘቱ ችግሩ የለም ማለት አይደለም። ይልቅ ቀድመው የሚታዩት የትንፋሽ መፍጠን፣ በተጎዳው ጎን የትንፋሽ ድምፅ መጥፋትና ጎኑ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ማስተጋባቱ ናቸው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው የአንገት ሥሮቹ ላይገታተሩ ይችላሉ። ምልክቶቹ ተሟልተው ሰውዬው እየደከመ ከሆነ ራጅ እስኪነሳ መጠበቅ አይገባም።

ስድስተኛ፦ ለታሰረው አየር መውጫ መክፈት

በአካባቢው ያለ ሰው ማድረግ የሚችለው ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። የሚተነፍስ ክፍት ቁስል ካለ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኖ ሦስቱን ጎን ብቻ ማጣበቅ ይቻላል፤ አራተኛው ክፍት የሚቀረው አየሩ እንዲወጣ ነው። ከተሸፈነ በኋላ ትንፋሹ ከባሰበት ሽፋኑ ወዲያው ይነሳ። መርፌ ማስገባት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ለአዋቂ ሰው በ4ኛው ወይም በ5ኛው የጎድን ክፍተት፣ ከብብት መሐል ትንሽ ወደ ፊት ወፍራም መርፌ ይገባል፤ ደም ሥርና ነርቭ በእያንዳንዱ ጎድን ታችኛ ጠርዝ ስለሚያልፉ መርፌው የሚያልፈው ከጎድኑ በላይኛው ጠርዝ ነው። መርፌው አጭር ከሆነ ወይም ከታጠፈ አየሩ ላይወጣ ስለሚችል፣ ሁልጊዜ የደረት ቱቦ ይከተላል።

በሠራተኛው ላይ መርፌው ሲገባ አየሩ በፉጨት ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ይመለሳል፣ ክፍልፋዩም ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። ከዚያ ሌላኛው ጫፉ ውሃ ውስጥ የተነከረ የደረት ቱቦ ይገባለታል፤ ውሃው አየሩን ያስወጣል እንጂ አያስመልስም። በውሃው ውስጥ አረፋ እስከታየ ድረስ የተቀደደው ሳንባ ገና አየር ያመልጠዋል፤ አረፋው ቆሞ ሳንባው መነፋቱ በራጅ ሲረጋገጥ ቱቦው ይወጣል።