የሪሴፕሽን የክስተት ኢሜይል፦ ማናጀሩ መልሶ መደወል ሳያስፈልገው እንዴት ይጻፋል?

ሪሴፕሽን ላይ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሌሊት ኮሪደር ላይ ጠብ ተነሳ። ለማናጀሩ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፍኩ። ሰዓቱን ግን በሐበሻ አቆጣጠር «ማታ 7፡30» ብዬ አስቀመጥኩት። ማናጀሩ የውጭ አገር ሰው ነው። ካሜራውን 19:30 ላይ ከፍቶ አየ፤ ምንም የለም። እኔ ያልኩት 01:30ን ነበር። ስህተቱ ሲገባን ቀናት አልፈዋል፣ መቅጃውም በላዩ ላይ ሌላ ቀድቶበታል።

ከዚያ ወዲህ የክስተት ኢሜይል ስጽፍ የማስበው ሌላ ቦታ ቁጭ ብሎ ስለሚያነበው ሰው ነው። ይህ ሰው ቦታው ላይ አልነበረም። ጠዋት ተነስቶ በስልኩ ያነበዋል፤ ከዚያ ለዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ለጥበቃ ኃላፊው፣ ምናልባትም ለፖሊስ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ጽሑፉ እኔ ሳልኖር ራሱን ችሎ መቆም አለበት። እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፦ አዲስ አበባ ያለ ሆቴል፣ የማታ ሺፍት፣ የክፍል 412 እንግዳ «ሻንጣዬ ውስጥ ያስቀመጥኩት 1,200 ዶላር የለም» ብለው ወደ ዴስኩ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ማስታወሻ፣ ኋላ ኢሜይል

እንግዳው መናገር ሲጀምሩ ሰዓት እዩና ወረቀት ላይ ጻፉ። 22:40። ጥበቃ ስትጠሩ እንደገና ጻፉ። 22:43። ይህን ነገሩ ካለፈ በኋላ ከትዝታ ለማውጣት መሞከር ከንቱ ነው፤ በድንጋጤ ውስጥ አምስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይመስላል። «ወዲያውኑ» እና «ትንሽ ቆይቶ» የሚሉት ቃላት ኢሜይሉ ውስጥ የሚገቡት ይህ ማስታወሻ ሳይያዝ ሲቀር ነው።

ማናጀሩ በስልክ ሊነገረው የሚገባ ነገር ከሆነ መጀመሪያ ደውሉ። ኢሜይሉ ግን በስልኩ አይተካም። የሠራተኞች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ስሟ ሲታማ ከምትሰማባቸው መንገዶች ዋናው እሱ ነው።

ሰዓትና ቀን

በኢሜይሉ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር። የካሜራው መቅጃ፣ የበር ቁልፉና የሆቴሉ ሲስተም በ24 ሰዓት ስለሚሠሩ እናንተም በዚያው ጻፉ፤ ይህንንም መጀመሪያ ላይ በአንድ መስመር ተናገሩ። እንግዳው ወይም ጥበቃው በሐበሻ ሰዓት ከነገሯችሁ ቀይራችሁ አስገቡ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑም ያሳስታል። «ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት» የሚል ሰው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው ግን ያንን ሐሙስ ይለዋል። ሲስተሙ ደግሞ በተራው ይለያል። የዕለቱ ሂሳብ የሚዘጋበት ናይት ኦዲት እስኪያልቅ ድረስ በትናንቱ ቀን ስለሚቆይ፣ 00:20 ላይ የሰጣችሁት ክፍያ ወይም ካርድ በረቡዕ ቀን ተመዝግቦ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የካሜራውን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ሁሌም አይገጥሙም። «የካሜራው ሰዓት ከስልኬ 4 ደቂቃ ይቀድማል» የምትል መስመር በኋላ የሚፈትሸውን ሰው ከብዙ ልፋት ታድነዋለች።

ያየሁት፣ የተባልኩት፣ የማላውቀው

ብዙ ኢሜይል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ከክፍል 412 ገንዘብ ተሰርቋል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሆቴሉ ስርቆት መኖሩን አምኗል ማለት ነው። ያውም በእናንተ ፊርማ። የምታውቁት እንግዳው «የለም» ማለታቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ «እንግዳው ገንዘብ ጠፋብኝ ብለዋል» በሉ። ገንዘቡን አይታችሁት ስለማታውቁም መጠኑ «እንግዳው እንደተናገሩት» ነው። ወሳኝ የሆነውን አባባላቸውን ቃል በቃል በጥቅስ አስገቡ፤ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛው ተዉት።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። «ለጥበቃ ተነግሯል»፣ «ክፍሉ ታይቷል»፣ «ካርዱ ተሰርዟል» ማለት ይቀናናል። ማን ነገረ? ማን አየ? ማን ሰረዘ? በትሕትና «እኛ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ «ሄደን አየን» ሲባል ሁለት ሰው ይሁን አራት አይታወቅም። እዚህ ላይ ትሕትናውን ለጊዜው ተዉትና «ደወልኩ»፣ «ሰረዝኩ» በሉ። አብሯችሁ የነበረውንም በሥራ መደቡ ጥቀሱ።

የማታውቁትንም ጻፉ። «የበሩ ቁልፍ ገና አልተነበበም» የሚለው ራሱ መረጃ ነው። ካልጻፋችሁት ማናጀሩ ተነቧል ብሎ ያስባል። ግምታችሁን ግን ተዉት። ከሰዓት በኋላ ኤሲ ሊጠግን የገባ ልጅ ቢኖር «ክፍሉ የጥገና ትዕዛዝ ነበረው» ብላችሁ ቁጥሩን ስጡ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

ሙሉው ኢሜይል ይህን ይመስላል

*ርዕስ፦ አስቸኳይ፣ ክፍል 412፣ እንግዳ ገንዘብ ጠፋብኝ ብለዋል፣ ረቡዕ 22/10/2025 22:40፣ እስከ ነገ 09:00 ውሳኔ ይፈልጋል*

*ለፍሮንት ኦፊስ ማናጀር፣*

*የክፍል 412 እንግዳ ዛሬ 22:40 ወደ ዴስክ መጥተው ሻንጣቸው ውስጥ በፖስታ ያስቀመጡት 1,200 ዶላር እንደሌለ ተናግረዋል። ነገ 11:00 ወደ ኤርፖርት ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት የእርስዎን ውሳኔ የሚፈልጉ ሦስት ነገሮች ከታች አሉ።*

*ሰዓቶቹ ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው። ቀኑ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ነው።*

*08:15፦ እንግዳው እንደተናገሩት ከክፍላቸው ወጡ። ፖስታውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው።*
*22:10 ገደማ፦ ሲመለሱ በዴስኩ ፊት ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ።*
*22:40፦ ወደ ዴስክ መጥተው ነገሩኝ።*
*22:43፦ ለጥበቃ ሺፍት ኃላፊ በስልክ ደወልኩ።*
*22:50፦ እኔ፣ የሺፍት ኃላፊውና እንግዳው ወደ 412 ገባን። በሩና መስኮቱ ላይ የተሰበረ ነገር አላየሁም። ካዝናው ክፍትና ባዶ ነበር፤ እንግዳው «አልተጠቀምኩበትም» ብለዋል። ሻንጣውን ራሳቸው በፊታችን ፈተሹ። ፖስታው አልተገኘም። እኛ ዕቃ አልነካንም።*
*23:10፦ ለእርስዎ ደወልኩ፤ አልተነሳም። 23:12 ደግሜ ደውዬ ነገርኩዎት።*
*23:30፦ በጠየቁት መሠረት ወደ 418 አዛወርኳቸው። የ412ን ካርድ ሰረዝኩ፤ ክፍሉንም ከሽያጭ አስወጣሁ።*

*በሲስተሙ እንደሚታየው ክፍሉ ዛሬ ጸድቷል፤ የኤሲ ጥገና ትዕዛዝም ነበረው። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ አላረጋገጥኩም። የበሩ ቁልፍ አልተነበበም፤ ማንበቢያው ያለው ጥገና ክፍል ነው፣ አሁን ዝግ ነው። የካሜራ ቅጂውን አላየሁም። የካሜራው ሰዓት ከስልኬ 4 ደቂቃ ይቀድማል።*

*እንግዳው «ሆቴሉ ይከፍለኛል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። «ለማናጀር አሳውቃለሁ» ከማለት ውጭ ምንም ቃል አልገባሁም።*

*ውሳኔ የሚፈልጉት፦*
*1. የ4ኛ ፎቅ ኮሪደር ካሜራ ከ08:00 እስከ 22:50 ተለይቶ እንዲቀመጥ።*
*2. የ412 ቁልፍ እስኪነበብ ክፍሉ እንዳይከፈት።*
*3. እንግዳው ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ይፈልጋሉ፤ ከሆቴሉ ማን አብሯቸው ይሂድ?*

*ሺፍቴ 07:00 ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በስልኬ እገኛለሁ።*

ለምን እንዲህ ሆነ?

ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ያውቃል፤ የቸኮለበትንም ምክንያት ያያል። «ስለ እንግዳ ቅሬታ» የሚል ርዕስ ከሌሎች 30 ኢሜይሎች ጋር ተመሳስሎ ያድራል። ቀነ ገደቡን 09:00 ያልኩት በምክንያት ነው። እንግዳው 11:00 ይሄዳሉ፤ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ መመለስ ጊዜ ይወስዳል።

የቁልፉ ጥያቄም እንዲሁ። የኤሌክትሮኒክ በር ቁልፍ የማንን ካርድ መቼ እንዳስገባ ይመዘግባል። የሚይዘው ግን የተወሰነ ቁጥር ያለው መዝገብ ነው፤ ሲሞላ አዲሱ አሮጌውን ይገፋል። በሩ በካርድ በተከፈተ ቁጥር የምትፈልጉት መስመር ወደ መውደቂያው ይጠጋል። ካሜራውም ዲስኩ ሲሞላ በላዩ ይቀዳል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ካሜራ ይታይልን» ከሆነ አይበቃም። የትኛው ካሜራ፣ ከስንት እስከ ስንት? ለጥንቃቄ ጠባቡን ሰዓት ሳይሆን ሰፊውን ጠይቁ።

የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ኢሜይሉ ውስጥ አላስገባሁም። ማናጀሩ ከፈለገ ከካርድ መዝገቡ ላይ ያገኘዋል። ያልተጣራ ነገር ላይ የሰው ስም ካኖራችሁ ግን ኢሜይሉ ለአምስት ሰው ሲተላለፍ ስሙም አብሮ ይዞራል። የእንግዳውን ፓስፖርት ኮፒም አታያይዙ፤ የክፍል ቁጥሩና የቦታ ማስያዣ ቁጥሩ ይበቃል። ተቀባዩ ማናጀሩ ነው፤ ኮፒ ለዱቲ ማናጀሩና ለጥበቃ ኃላፊው። ሌላ ማንም አይጨመርበት።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሰዓቶቹን ብቻ እያያችሁ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። እኩለ ሌሊት ሳያልፍ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰዓት ካለ አንዱ ስህተት ነው። ከዚያ ቅጽሎቹን ፈልጉ። «በጣም ተቆጥተው» ከሚለው ይልቅ «ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዴስኩን በእጃቸው መቱ» ይሻላል፤ ያ የታየ ነገር ነው። ሎግ ቡኩ ላይም «የ412ን ጉዳይ 23:55 ላይ በኢሜይል ለማናጀር ልኬአለሁ፣ ክፍሉ አይከፈት» ብላችሁ ለጠዋቱ ሺፍት ተዉ። አለበለዚያ 08:00 ላይ ሃውስኪፒንግ ከፍቶ ያጸዳዋል።

ከላካችሁ በኋላ አዲስ ነገር ቢመጣ የመጀመሪያውን አስተካክላችሁ እንደገና አትላኩ። ሁለት ዓይነት ቅጂ መዞር ይጀምራል። በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ አድርጋችሁ ከእነ ሰዓቱ ጨምሩ። እንግዳው ገንዘባቸውን ቢያገኙት እንኳ ያው ነው፦ «00:50፦ እንግዳው ከ418 ደውለው ፖስታውን ጫማቸው ውስጥ እንዳገኙት ነገሩኝ። ፖስታውን አላየሁትም። ከላይ የጠየቅኳቸው ሦስት ነገሮች ይቁሙ ወይስ ይቀጥሉ፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው።»