እጅ መታጠብን ለሚያስተምር የ90 ሴኮንድ ካርቱን ስቶሪቦርድ እንዴት ይጻፋል?

እጅ ስለመታጠብ የሚሠሩ የልጆች ካርቱኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት መታጠቡ ላይ ነው። ታሪኩ ያምራል፣ ገጸ ባሕርዮቹ ይወደዳሉ፣ እጅ መታጠቡ ግን በሦስት ሴኮንድ ያልቃል። ልጁም የሚማረው ያየውን ነው፤ እጁን ውኃ አስነክቶ ይሮጣል። እጅን በሳሙና ማሸት ብቻውን ቢያንስ 20 ሴኮንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ካርቱኑ ከመሠራቱ በፊት በሣጥን በሣጥን የሚሳለውንና የሚጻፈውን ዕቅድ፣ ከእነዚህ 20 ሴኮንዶች ጀምረን ከመሃል ወደ ውጭ እንጻፈው።

ለምሳሌ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 7 ለሆነ ልጆች የሚሆን የ90 ሴኮንድ ታሪክ እንውሰድ። ገጸ ባሕርዮቹ ሦስት ናቸው፦ የ5 ዓመቷ ሊያ፣ ታላቅ ወንድሟ አቤልና አያታቸው እማማ። ቦታው ግቢና ምሳ የቀረበበት ክፍል ነው። መታጠቢያው ጆግና ሳፋ ይሁን፤ የቧንቧ ውኃ ያለው ልጅም ጆጉን ያውቀዋል፣ ቧንቧ የሌለው ልጅ ግን የሚያብረቀርቅ መታጠቢያ ሲያይ ጉዳዩ እሱን የማይመለከት ይመስለዋል። የሚታጠቡበት ጊዜም አንድ ብቻ ይሁን፣ ከምግብ በፊት። ከመጸዳጃ ቤት መልስ ያለውን ለሌላ ካርቱን ያቆዩት፤ ሁለቱን በ90 ሴኮንድ ማጨቅ 20ውን ሴኮንድ ይበላዋል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያዘጋጁ። በአንድ ገጽ ሦስት አራት ማዕዘን ሣጥን ይበቃል፤ ስፋቱ 16 ቢሆን ቁመቱ 9፣ እንደ ቴሌቪዥን። ሾት የሚባለው ካሜራው ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ቁራጭ ነው። ከእያንዳንዱ ሣጥን አጠገብ አራት ነገር ይጻፋል፦ የሾት ቁጥር፣ በዓይን የሚታየው ድርጊት፣ የሚሰማው ድምፅና ርዝመቱ በሴኮንድ። ድርጊቱን ስትጽፉ ሠዓሊው ሊስለው የማይችለውን ቃል አታስገቡ። «ሊያ እጇን በደንብ ትታጠባለች» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፤ «በደንብ» አይሳልም። «የቀኝ መዳፏ በግራ እጇ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ ጣቶቿ በጣቶቿ መሃል ገብተው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳሉ፤ አረፋው እስከ አንጓዋ ደርሷል» ቢባል ግን ሠዓሊው እርሳሱን ያነሣል።

አሁን ወደ መሃሉ እንግባ። 20ውን ሴኮንድ በአንድ ሾት ከያዛችሁት ልጁ ይሰለቻል። አምስት ቦታ ክፈሉት፣ ለእያንዳንዱ 4 ሴኮንድ፦ መዳፍ ለመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሃል፣ አውራ ጣት፣ በመጨረሻም ጥፍርና የጣት ጫፍ። 4 ሴኮንድ የተመረጠው በምክንያት ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ እየታየ እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ሲቆይ፣ አንድ እሽት (ሄዶ መመለስ) በ8 ሥዕል ይሠራል፤ ይህም 16 ፍሬም ይሆናል። በ4 ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ 96 ፍሬም አለ፤ ለ16 ሲካፈል ልክ 6 እሽት። የተረፈ ወይም የጎደለ ነገር ስለሌለ እሽቱ መሃል ላይ ሳይቆረጥ ቀጣዩ ቦታ ይጀምራል። 5 ሴኮንድ ብትሰጡት ሰባት እሽት ተኩል ይመጣና እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ሲዘል ይታያል።

ሥራውም ይቀላል። 20 ሴኮንድ በዚህ አሣሣል 240 ሥዕል ይጠይቅ ነበር፤ አምስቱ ቦታዎች እያንዳንዳቸው 8 ሥዕል እየደጋገሙ ሲሄዱ ግን መነሻው 40 ሥዕል ነው። የእጅ ጀርባ፣ አውራ ጣትና ጥፍር ላይ 3 እሽት ለግራ፣ 3 እሽት ለቀኝ ይከፈላል። ለሌላኛው እጅ ሥዕሉን በኮምፒውተር ገልብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ለዚህም ሲባል ለሊያ አምባርም ሆነ ክር አታስሩላት፣ ሥዕሉ ሲገለበጥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይዘላልና።

መዝሙሩም ከዚሁ ይወጣል። እያንዳንዱ እሽት አንድ ጭብጨባ ነው፤ በደቂቃ 90 ጭብጨባ፣ ለአንድ ስንኝ 6። ስንኙ የሚታየውን ቦታ በስሙ ይጥራ፦

መዳፍ ለመዳፍ፣ እሽት እሽት፣
ጀርባውን ደግሞ፣ እሽት እሽት፣
በጣቶች መሃል፣ እሽት እሽት፣
አውራ ጣትን፣ እሽት እሽት፣
ጥፍር በመዳፍ፣ እሽት እሽት።

ዘፈኑ ከሥዕሉ በፊት ይቀረጽ። ሥዕሉ አልቆ ዘፈን ሲፈለግለት ዘፋኙ ይቸኩላል ወይም ይጎትታል፣ ያኔ የእጁና የጭብጨባው ምት ይለያያል።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው የማይታየውን ጀርም ማሳየት ነው። ዓይንና አፍ ሰጥቶ፣ ሳቂታ አድርጎ መሳል የተለመደ ነው፤ ግን ትንንሽ ልጆች ያዝኑለታል፣ አንዳንዱም እንዲታጠብ አይፈልግም። ፊት የሌለው ነጠብጣብ ይበቃል። ቀለሙ በካርቱኑ ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ይሁን፣ ሐምራዊ ለምሳሌ። ቀይ ከሆነ በርበሬ፣ ቢጫ ከሆነ እርድ፣ ቡናማ ከሆነ ጭቃ ይመስላል። ጭቃ ከመሰለ ደግሞ ልጁ «የሚታጠበው የቆሸሸ እጅ ብቻ ነው» ብሎ ይረዳል። ስለዚህ ሾት 5 ላይ እጁ መጀመሪያ ንጹሕ መስሎ ለ2 ሴኮንድ ይታይ፤ ነጠብጣቦቹ ከዚያ በኋላ ይብሩ።

ነጠብጣቦቹን ቁጠሯቸው። በእያንዳንዱ እጅ 10፣ በአምስቱ ቦታዎች ሁለት ሁለት። አንድ ቦታ ሲታሽ የዚያ ቦታ ሁለቱ ለቀው አረፋው ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ የቀሩት ካሉበት አይነቃነቁም። ሦስተኛው ስንኝ ሲያልቅ በእያንዳንዱ እጅ አውራ ጣትና ጥፍር ላይ አራት አራት ቀርተዋል። ማንም ሳይናገር፣ ልጁ ራሱ «ገና ነው!» ይላል። ነጠብጣቦቹ ሳሙና ሲነካቸው ፈንድተው እንዲጠፉ ግን አታድርጉ። ሳሙናው ያላቅቃል፣ ውኃው ይዞ ይሄዳል፤ ሁሉም የሚወገዱት በማለቅለቁ ሾት ላይ ነው። በፍንዳታ ያየ ልጅ ሳሙናውን ነካ አድርጎ ይተወዋል።

እንግዲህ ሙሉው ሰንጠረዥ እንዲህ ይጻፋል፦

ሾት 1 (6 ሴኮንድ)፦ ግቢው በሰፊው። ሊያ በስተግራ ተቀምጣ ከጫጩቶች ጋር ትጫወታለች። በስተቀኝ በተከፈተው በር እማማ መሶብ ሲያስቀምጡ ይታያሉ። የጫጩት ድምፅ።

ሾት 2 (5)፦ በጣም ቅርብ። ጫጩቷ በሊያ ሁለት መዳፎች ላይ።

ሾት 3 (6)፦ የእማማ ድምፅ ከውስጥ፦ «ልጆች፣ ምሳ ቀርቧል!» ሊያ ጫጩቷን ታወርድና እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች።

ሾት 4 (6)፦ ሊያ ከግራ ወደ ቀኝ ሮጣ ትገባለች፤ አቤል መሶቡ ጋ ተቀምጧል። እጇን ትዘረጋለች።

ሾት 5 (6)፦ ቅርብ። እጇ ከእንጀራው በላይ ይቆማል። 2 ሴኮንድ ምንም የለም፤ ከዚያ ነጠብጣቦቹ ይበራሉ። ጫጩቷ የረገጠችው መዳፍ መሆኑ እንዲታወስ የጫጩት ድምፅ በስሱ ይሰማ።

ሾት 6 (5)፦ ሁለቱ እስከ ወገባቸው። አቤል፦ «አንቺ፣ እጅሽስ?» ሊያ፦ «ንጹሕ ነው፣ እየው!»

ሾት 7 (6)፦ ደጅ። አቤል ጆጉን፣ ሊያ ሳሙናውን ይዘው ሳፋው አጠገብ ይቆማሉ።

ሾት 8 (6)፦ አቤል ያፈሳል፤ ሁለቱም እጆች እስከ አንጓ ይርሳሉ። በመጨረሻው ሴኮንድ ጆጉ ቀና ይላል፣ ውኃው ይቆማል።

ሾት 9 (4)፦ ቅርብ። ሳሙናው በሁለት እጅ ይዞራል፣ አረፋ ይወጣል፣ ወደ ማስቀመጫው ይመለሳል።

ሾት 10፣ ከ«ሀ» እስከ «ሠ» (20)፦ አምስቱ ስንኞች፣ አምስቱ ቦታዎች።

ሾት 11 (7)፦ ውኃው እንደገና ይፈሳል። አረፋውና ነጠብጣቦቹ አብረው ሳፋው ውስጥ ይወርዳሉ።

ሾት 12 (5)፦ ሊያ እጇን ታራግፋለች፤ እጇ ወደ ቀሚሷ ሲሄድ ትቆምና አቤል የያዘውን ንጹሕ ፎጣ ትወስዳለች።

ሾት 13 (8)፦ መሶቡ ዙሪያ። ሊያ ጉርሻ ጠቅልላ ለአቤል ታጎርሰዋለች።

ድምሩ 90 ይመጣል። ከሾት 8 እስከ 12 ያለው መታጠብ 42 ሴኮንድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላው የሳሙናና ውኃ መታጠብ ከሚያስቀምጠው ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ውስጥ ይገባል። ጊዜ ሲያጥር ከሾት 1 ወይም 7 ይቀነሱ፣ ከ10 ግን አይነካ።

ሦስት ቦታ ላይ ሠዓሊው ሊስት ስለሚችል በቃል ጻፉት። አንደኛ፣ በሾት 10 ካሜራው ከሊያ ትከሻ በላይ ሆኖ እጆቿን እሷ እንደምታያቸው ያሳይ። ከፊቷ ከሆነ ግራና ቀኙ ይገለበጥና አብሮ የሚያሸው ልጅ ይምታታል። ሁለተኛ፣ እጆቿ ሳፋው ውስጥ በተጠራቀመው ውኃ በፍጹም አይነከሩ፤ ከላይ የሚፈሰው ብቻ ይንካቸው። ሦስተኛ፣ በሾት 9 እና 10 ከበስተጀርባ ውኃ አይፍሰስ፣ ድምፁም አይሰማ። ውኃ የሚቀዳበት ቤት ያደገ ልጅ ብክነቱን ከማንም በፊት ያያል።

ቀለም ከመግባቱ በፊት ሣጥኖቹን በስልክ ፎቶ አንሡና በተጻፈው ርዝመት ደርድራችሁ ከዘፈኑ ጋር አጫውቱ። ይህ አኒማቲክ ይባላል። ራሳችሁ ሳሙና ይዛችሁ አብራችሁት ታጠቡ፤ እጃችሁ ከሥዕሉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ የምቱ ነገር ይስተካከል። ከዚያ ለአራት አምስት ልጆች ያለ ድምፅ አሳዩና «ሊያ ምን አደረገች?» ብላችሁ ጠይቁ። «በውኃ ታጠበች» ካሉ ሾት 9 ላይ ሳሙናው በደንብ አልታየም፤ ከሣጥኑ አንድ ሦስተኛ እስኪይዝ አቅርቡት። «እጇ ስለቆሸሸ» ካሉ ነጠብጣቡ ጭቃ መስሏል። ከዚያ ድምፁን ከፍታችሁ ድገሙላቸውና እጃቸውን ተመልከቱ፤ አራተኛው ስንኝ ላይ አውራ ጣቱን የማይጨብጥ ልጅ ካለ፣ በ10 «መ» ላይ አውራ ጣቱ በሌላው መዳፍ ተሸፍኖ ይሆናልና እጁን በትንሹ አዙራችሁ እንደገና ሳሉት።