ስናች እና ክሊን ኤንድ ጀርክ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከየትስ ይጀመራል?

ወደ ኦሎምፒክ ክብደት ማንሳት የመጣሁት ጂም ውስጥ ሁለት ዓመት ብረት ከገፋሁ በኋላ ነው። ያኔ በዴድሊፍት፣ ማለትም ባሩን ከመሬት እስከ ጭን አንስቶ ቀጥ ብሎ በመቆም፣ 160 ኪሎ አነሳ ነበር። ስለዚህ 60 ኪሎ ስናች ምንም አይደለም ብዬ ገባሁበት። ባሩን በክንዴ ጎትቼ እስከ ደረቴ አደረስኩት። ከዚያ ከእኔ ርቆ ወደ ፊት ሄደ፤ ልይዘው ስሞክር ቀኝ ትከሻዬን ጎዳኝ። ሦስት ሳምንት እጄን ወደ ላይ ማንሳት አቃተኝ። እዚያው ትለማመድ የነበረች፣ ከእኔ በ20 ኪሎ የምትቀል ልጅ ግን ያንኑ 60 ኪሎ ደጋግማ ታነሳው ነበር። በዴድሊፍት ብንወዳደር እበልጣታለሁ። እሷ የምታውቀውና እኔ የማላውቀው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ወራት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ልዩነቱን እንይ። ስናች አንድ እንቅስቃሴ ነው። እጅን በሰፊው ከፍቶ ባሩን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማድረስ ነው፤ መሃል ላይ ማረፊያ የለውም። ክሊን ኤንድ ጀርክ ሁለት እንቅስቃሴ ነው። በክሊን ባሩ ከመሬት ትከሻ ላይ ይወጣል። እዚያ ትንፋሽ ሰብስበው ቀጥ ካሉ በኋላ በጀርክ ከራስ በላይ ይወረወራል። በውድድር ስናች ይቀድማል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ አለ፤ የሁለቱ ምርጥ ውጤት ይደመራል።

በክሊን ኤንድ ጀርክ ሁልጊዜ የበለጠ ክብደት ይነሳል። የጆርጂያው ላሻ ታላካዜ በ2021 ታሽከንት ላይ 225 ኪሎ በስናች፣ 267 ኪሎ በክሊን ኤንድ ጀርክ አንስቷል። ሰውየው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን 42 ኪሎ ነው። ዋናው ምክንያት የከፍታ ጉዳይ ነው። ጎበዝ አንሺ በክሊን ባሩን እስከ እምብርቱ አካባቢ ካደረሰ ይበቃዋል፤ ከዚያ ራሱ ቁጭ ብሎ በትከሻው ይቀበለዋል። በስናች ግን ባሩ እስከ ታችኛው ደረት መድረስ አለበት፤ የሚያዘውም እጅ ተዘርግቶ ነው። ከባድ ነገርን ከፍ አድርጎ ለማስወንጨፍ የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሁለቱም ባሩን እስከ ራሱ በላይ የሚጎትት ሰው የለም። ባሩ ግማሽ መንገድ ይወጣል፤ ቀሪውን ሰውየው ይወርዳል። ለዚህ ነው የቱርኩ ናይም ሱሌይማኖግሉ በ1988 ሴኡል ላይ በ60 ኪሎ ምድብ በክሊን ኤንድ ጀርክ 190 ኪሎ ያነሳው። ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከእሱ እጅግ የገዘፉ ሰዎች ያንን ክብደት ከጉልበታቸው በላይ ማሳለፍ ይችላሉ፤ ስሩ መግባት ግን አይችሉም።

አሁን ወደ ሥራው። በመጥረጊያ እንጨት ጀምሩ። የወንዶች ባር ባዶውን 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ይከብዳሉ። የሩጫ ጫማ አውልቁ፤ ሶሉ ስለሚሰምጥ ሚዛን ያስታል። ጠንካራ ሶል ያለው ማንኛውም ጫማ ይሻላል።

ለስናች ቀጥ ብላችሁ ቁሙና እንጨቱን ያዙ። እንጨቱ ብሽሽታችሁ ላይ እስኪያርፍ ድረስ እጃችሁን እያሰፋችሁ ሂዱ። እሱ ነው ልካችሁ። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ስር አስገብታችሁ ያዙ። መጀመሪያ ያማል፤ ግን ልመዱት። በእጅ ላይ የሚጠመጠመውን ማሰሪያ ለጀማሪ አልመክርም፤ ባሩ ሲያመልጥ እጅን አይለቅም።

ቀጥሎ እንጨቱን ከራስ በላይ ይዛችሁ ሙሉ ስኳት ውረዱ። ተረከዛችሁ ከተነሳ ወይም እንጨቱ ወደ ፊት ከሄደ ገና ናችሁ። ይህ ሳይስተካከል ክብደት አትጨምሩ።

ከባዱ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ባሩን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ፤ ከዚያ መሬቱን በእግራችሁ ገፍታችሁ በኃይል ቀጥ በሉ። በዚህ ሰዓት ክንዳችሁ ገመድ ነው። አይጎትትም፤ ያያይዛል ብቻ። የእኔ ስህተት እዚህ ነበር። እግሬ ሥራውን ሳይጨርስ ክርኔን አጥፍ ነበር። የታጠፈ ክርን እንደላላ ገመድ ነው፤ የእግር ኃይል ባሩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ደግሞ ክንድ ሲጎትት ባሩ ከሰውነት ይርቃል። ከሰውነት የራቀ ባር ደግሞ በቅስት ዞሮ ይመጣል፤ ያኔ የሚቀበለው ትከሻ ነው።

ክንድ የሚሠራው እግር ከጨረሰ በኋላ ነው። ያኔም ባሩን ወደ ላይ ለማንሳት ሳይሆን ራስን ወደ ታች ለመሳብ። ባሩ ለቅጽበት አየር ላይ ክብደቱን ያጣ ይመስላል። በዚያች ቅጽበት እግር ከመሬት ለቆ ሰፋ ብሎ ያርፋል፤ ሰውነት ቁጭ ይላል፤ ክርን ይቆለፋል። ክርን ታጥፎ ቆይቶ በመግፋት ከተዘረጋ ዳኞች ይሽሩታል።

ክርን ቀድሞ መታጠፉን በስሜት ማወቅ አይቻልም። እኔ ለወራት ክንዴ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ስልክ በጎን በኩል በወገብ ቁመት አስቀምጡና ቅረጹ፤ በዝግታ እዩት። ሌላው ምልክት እግር ነው። ወደ ፊት ዘላችሁ ካረፋችሁ ባሩ ርቋችኋል ማለት ነው። እዚያው ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ካረፋችሁ መንገዱ ትክክል ነው።

ይህ ከጭን ሲገባችሁ ከጉልበት፣ ቀጥሎ ከመሬት ጀምሩ። ከመሬት ስትነሱ አትቸኩሉ። ፍጥነቱ ከጉልበት በላይ ነው።

ክሊን ከዚህ በኋላ ይቀላል። እጅ ከትከሻ ትንሽ ብቻ ይሰፋል፤ ባሩ የሚነካው ብሽሽትን ሳይሆን የጭንን ላይኛ ክፍል ነው። ስትቀበሉት ክርናችሁን በፍጥነት ወደ ፊት ወርውሩ። ክርን ከዘገየ ክብደቱ በእጅ አንጓ ላይ ያርፋል፤ ክርን ጉልበትን ከነካ ደግሞ ሙከራው ይሻራል።

ጀርክም የእግር ሥራ ነው። ደረትን ሳያዘነብሉ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ፣ ወዲያው መግፋት፣ ከዚያ አንድ እግር ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ ከፍቶ ስሩ መግባት። ደረት ካዘነበለ ባሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ሲነሱ መጀመሪያ የፊተኛው እግር ይመለሳል።

ሲያቅታችሁ ባሩን ልቀቁት፤ አትታገሉት። ለዚህ የጎማ ዲስክና ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። በሲሚንቶ በተሠራ ክብደት እነዚህን ሁለቱን አትሞክሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱን ቁጥሮቻችሁን አወዳድሩ። ስናች ብዙ ጊዜ ከክሊን ኤንድ ጀርክ ከ80 እስከ 85 በመቶ ነው። 100 ኪሎ ክሊን ኤንድ ጀርክ እያነሳችሁ ስናች 60 ላይ ከቆመ፣ የጎደለው ጡንቻ አይደለም። እኔ 90 እና 55 ላይ ነበርኩ። አራት ወር ዴድሊፍት ትቼ ከጭን ብቻ፣ በ40 ኪሎ ተለማመድኩ። ክሊን ኤንድ ጀርኬ እዚያው 90 ላይ ቆየ። ስናቼ 72 ገባ።